ትልቁን ከትልቁ ጋር

አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ማሽኑ አንድ ነው፣ እኛ ሦስት ነን። ከፊት ያለው ልጅ ወፍራም ሞጁል ተሸክሟል፤ 20 ደቂቃ ይፈጃል። ቀጥላ ያለችው ልጅ የ5 ደቂቃ ሃንድአውት ይዛለች። የኔ መታወቂያና ሁለት ገጽ ነው፣ 2 ደቂቃ ቢበዛ።

የሦስታችንን ቆይታ ደመርኩት። ሞጁሉ ሲባዛ ሦስታችንም ቆመናል። ሃንድአውቱ ሲባዛ ሁለት ሰው ቀርቷል። በመጨረሻ እኔ ብቻ።

20×3 + 5×2 + 2×1 = 72

ወረፋው ቢገለበጥስ?

2×3 + 5×2 + 20×1 = 36

ግማሽ! ሦስት ሰው በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፍ ይችላል፤ ሁሉንም ብትሞክሩ ከ72 የሚበልጥ አታገኙም። 72 ላይ ትልቁ ደቂቃ ከትልቁ የሰው ብዛት ጋር ተባዝቷል። ትንሹም ከትንሹ ጋር።

ለምን እንደሆነ ለማየት ሁለቱን ብቻ እንያቸው፦ 20ን እና 5ን። 20 ማለት 5 እና ትርፍ 15 ነው። 5ቱ የጋራቸው ስለሆነ ማን ቢቀድም ለውጥ የለውም። ጥያቄው ትርፉ 15 ደቂቃ በማን ላይ ይውደቅ ነው፤ በሦስት ሰው ወይስ በሁለት? በሦስት ከሆነ ድምሩ በ15×1 ይጨምራል። ነገሩ በሙሉ ይኸው ነው። እኔ ይህን የምወደው ቀመሩን ሳላይ በእጄ ስለምጨብጠው ነው። በፊደል ሲጻፍ፣ a ≥ b እና x ≥ y ከሆነ፦

(ax + by) − (ay + bx) = (a − b)(x − y) ≥ 0

ልዩነቶቹ ብቻ ናቸው የሚቆጠሩት። ስለዚህ ቁጥሮቹ ኔጌቲቭ ቢሆኑም ይሠራል።

ቁጥሮቹ በየወገኑ መቶ መቶ ቢሆኑስ? እንደፈለጋችሁ አጣምሯቸው። ትልቁ ከትልቁ ጋር ካልሆነ፣ ተጣማሪዎቻቸውን አቀያይሩና አገናኟቸው። አሁን እንዳየነው ድምሩ አይቀንስም። እነሱን ተዉአቸውና ከቀሩት መካከል ትልቁን ፈልጉ፣ እንደገና አቀያይሩ። ከየትም ብትነሱ፣ አንድም ጊዜ ሳትወርዱ እዚያው ትደርሳላችሁ፤ ትልቅ ከትልቅ፣ ትንሽ ከትንሽ። ታዲያ የሚበልጠው ከየት ይመጣል?

ተማሪዎች ብዙ የሚታገሉበት a² + b² + c² ≥ ab + bc + ca እንኳ ከዚሁ ይወጣል። በግራ በኩል እያንዳንዱ ቁጥር ከራሱ ጋር ተጣምሯል፣ በቀኝ ተቀያይረዋል። አለቀ።

ቅያሪውን በተቃራኒው ብትሄዱበት ደግሞ ትንሹን ድምር ይሰጣችኋል። እኔም ልጁን ትከሻውን ነካ አደረግኩት፦

«ወንድሜ፣ የኔ ሁለት ደቂቃ ነው፣ የእሷም አምስት። ብታስቀድመን?»

ሞጁሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዞር አለልን።