ጥያቄ 7፦ በሩን ዘግቼዋለሁ ወይስ ዘግቼው ነበር?

ባዶ ቦታውን በትክክለኛው ግስ ሙሉ።

በሩን በደንብ ______፤ ስመለስ ግን ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘሁት።

ሀ. ዘግቼዋለሁ
ለ. ዘግቼው ነበር
ሐ. እዘጋዋለሁ
መ. እየዘጋሁት ነው

መልስ፦ ለ

ማብራሪያ

ከክፍሉ ግማሽ የሚሆነው «ሀ»ን ከቧል። አልፈርድባችሁም። «በሩን በደንብ ዘግቼዋለሁ» ብቻውን ሲነበብ እንከን የለውም። ችግሩ ብዙዎቻችሁ ድርብ ሰረዙ ጋ ስትደርሱ እርሳሱን አስቀምጣችኋል። ዓረፍተ ነገሩ ግን ገና አላለቀም።

ቀጥሎ ያለውን እዩት፤ «ስመለስ ግን ተከፍቶ አገኘሁት»። አገኘሁት ያለፈ ነገር ነው። መዝጋቱ ደግሞ ከዚያም በፊት ነው። አንድ ያለፈ ድርጊት ሌላ ያለፈ ድርጊት ሲቀድመው የሩቅ ኃላፊ ይመጣል፤ ዘግቼው ነበር።

«ዘግቼዋለሁ» የቅርብ ኃላፊ ነው። የሚናገረው ሰው እግረ መንገዱን ሌላም ነገር ይነግረናል፤ በሩ አሁንም ዝግ ነው። ተከፍቶ ከተገኘ ታዲያ እንዴት ይሆናል? «ዘግቼው ነበር» ሲባል ግን ጆሯችን ወዲያው «ታዲያ ምን ሆነ?» ብሎ ይጠብቃል። ያቺ «ግን» የመጣችው ለዚህ ነው።

አንድ ልጅ «ቤት ውስጥ ስንጨቃጨቅ ‹ዘግቼዋለሁ እኮ!› እንላለን» ብሎ ተከራክሮኛል። እውነቱን ነው፣ እንላለን። እዚያ ግን ሰውየው ድርቅ ብሎ እየተሟገተ ነው እንጂ የሆነውን በቅደም ተከተል እየተረከ አይደለም።

«ዘጋሁት»ን ከምርጫዎቹ ያስወጣሁት ሆን ብዬ ነው። እሱም ያስኬዳል፤ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያለው ጥያቄ ደግሞ ለእኔም ለእናንተም ጣጣ ነው። «ሐ» እና «መ» ብዙ አያነጋግሩም፤ ገና ያልተዘጋ በር «ተከፍቶ አገኘሁት» አይባልም።

አሁን የፊቱን ሐረግ ሳንነካ ጅራቱን ብቻ እንቀይር።

በሩን በደንብ ______፤ አሁን ተኙ።

እዚህ «ዘግቼዋለሁ» ነው። «ተኙ» የሚለው በሩ አሁን ዝግ ስለሆነ ነው።

በሩን በደንብ ______፤ እናንተ ብቻ ቶሎ ውጡ።

ይሄ ደግሞ «እዘጋዋለሁ» ነው። ሰዎቹ ገና ውስጥ ናቸው።

ባዶ ቦታው ያው ነው፣ ከፊቱ ያሉት ቃላትም አልተነኩም። መልሱ ግን ሦስት ጊዜ ተለዋወጠ።

«ሀ»ን የከበባችሁ ይቺን ሞክሩ፦

ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ______፤ ዛሬ ጠዋት ስፈልገው ግን አጣሁት።

ሀ. ከትቼዋለሁ
ለ. ከትቼው ነበር
ሐ. እከተዋለሁ

«ዛሬ» የምትለዋ እንዳታታልላችሁ። ጠዋቱ አልፏል፤ «አጣሁት»ም አብሮት አልፏል። መልሱ «ለ» ነው።