የሂሳብ ማስታወሻ፦ የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ክፍያ እና የዓመት መጨረሻ ቦነስ ዕዳ

ቀን፦ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከ፦ ፋይናንስ ክፍል ኃላፊ
ለ፦ ጠቅላላ ሂሳብ፣ ፔይሮል እና ገንዘብ ቤት ባልደረቦች (ግልባጭ ለኦዲት ፋይል)

ሰላም ባልደረቦቼ፣

ሰኔ 30 የያዝናቸው ሁለት ዕዳዎች አሁን መከፈል ጀምረዋል። ቦነሱ ነሐሴ 12 ቀን ወጥቷል። ፈቃድም ሰዎች እየወሰዱ ነው። የተመዘገበውንና የሚመዘገበውን በአንድ ቦታ አስቀምጬላችኋለሁ፤ የምንሠራው በዚህ ነው።

መጀመሪያ ያለፈው ዓመት ይታወሰን። ሰኔ 30 ቀን 2016 የቦነስ ዕዳ 298,000 ብር ይዘን ነበር። ነሐሴ ላይ ሲከፈል ግን በዕዳው ሳይሆን እንደገና በወጪ ተመዘገበ። ዕዳው ባለበት ቆመ። አንዱ ቦነስ ሁለት ጊዜ ወጪ ሆነ፤ በየወሩ ለሥራ አስኪያጁ የምናቀርበው ትርፍም በ298,000 ብር አንሶ ታየ። በዚያ ቁጥር ተመርኩዘን ሁለት የሽያጭ ሠራተኞች መቅጠር አዘገየን። ስህተቱ የተገኘው ሚያዝያ ላይ ነው፣ ያውም በኦዲተር። ቫውቸሩን አይቼ የፈረምኩት እኔ ስለሆንኩ ኃላፊነቱ የእኔ ነው። ዘንድሮ አይደገምም።

ሰኔ 30 ቀን 2017፦ የዓመት ፈቃድ

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የመጀመሪያ ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ያስገኛል። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሠራተኛው ቀኑን የሚያገኘው ሠርቶ ነው። ስለዚህ ያልወሰደው ቀን ወጪው የሠራበት ዓመት ነው፣ ዕዳውም የእኛ ነው።

በሳምንት 6 ቀን ስለምንሠራ የቀን ተመን የምናወጣው የወር ደመወዝን ለ26 በማካፈል ነው። የመጋዘን ኃላፊውን እንይ። ደመወዙ 26,000 ብር፣ አገልግሎቱ 7 ዓመት ነው። የዓመቱ መብቱ 19 ቀን ነው። ከ2016 የዞረ 4 ቀን ነበረው፣ በዓመቱ 12 ቀን ወሰደ፣ 11 ቀረው። በቀን 1,000 ብር ሲታሰብ 11,000 ብር ይሆናል። ፈቃድ ላይ ሆኖም ደመወዙ ስለሚከፈልና እኛም 11 በመቶ ጡረታ ስለምናዋጣ 1,210 ብር ይጨመራል። ጠቅላላ 12,210 ብር።

ጥር 1 የተቀጠረችው ገንዘብ ያዥ ገና ዓመት አልሞላትም። ቢሆንም የግማሽ ዓመት 8 ቀን አግኝታለች። በቀን 600 ብር ሂሳብ 4,800 ብር፣ ከጡረታ ጋር 5,328 ብር ተይዞላታል። «ዓመት ሳይሞላት ለምን ይያዛል?» የሚል ጥያቄ ከፔይሮል መጥቶ ነበር። ሠርታበታለችና ይያዛል።

የ24ቱም ሠራተኞች ቀሪ 205 ቀን ነው። ደመወዙ 128,400 ብር፣ ጡረታው 14,124 ብር፣ ድምሩ 142,524 ብር። በመዝገብ ከ2016 የዞረው 96,015 ብር ነበር። የመዘገብነው ልዩነቱን ብቻ ነው፦

ዴቢት 6115 የዓመት ፈቃድ ወጪ — 41,900
ዴቢት 6120 የአሠሪ ጡረታ መዋጮ — 4,609
ክሬዲት 2310 የተጠራቀመ ፈቃድ ዕዳ — 46,509

ሰኔ 30 ቀን 2017፦ ቦነስ

ለሦስት ተከታታይ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ ቦነስ ሰጥተናል። ሠራተኛው ይጠብቀዋል፣ እኛም እንደምንሰጥ ሰኔ ውስጥ አስታውቀናል። በጽሑፍ ውል ባይኖርም ግዴታ ሆኗል። ለዚህ ነው ክፍያውን ሳንጠብቅ የያዝነው።

ሙሉ ዓመት የሠሩ 21 ሰዎች ደመወዝ 331,200 ብር ነው። ግማሽ ዓመት ለሠሩ 3 ሰዎች ግማሹ 21,600 ብር። ድምሩ 352,800 ብር ይሆናል። ቦነሱን ለማግኘት በክፍያው ቀን ሥራ ላይ መገኘት ግድ ስለሆነ፣ አንድ ሰው ሊለቅ ይችላል ብለን 12,800 ብር ቀነስን። ጡረታ በመነሻ ደመወዝ ላይ ስለሆነ በቦነሱ ላይ አልጨመርንም። የሥራ ግብሩም ከሠራተኛው የሚቀነስ ነው፤ ዕዳው የሚያዘው ግብር ሳይቀነስ ነው።

ዴቢት 6130 የቦነስ ወጪ — 340,000
ክሬዲት 2320 የቦነስ ዕዳ — 340,000

ነሐሴ 12፦ የቦነሱ ክፍያ

ዴቢት 2320 የቦነስ ዕዳ — 336,400
ክሬዲት የሥራ ግብር ተከፋይ — 97,200
ክሬዲት ባንክ — 239,200

እዚህ ላይ 6130 የለም። ወጪው ባለፈው በጀት ዓመት አልቋል።

በዕዳው ላይ 3,600 ብር ተረፈ። አንድ ሰው ብለን ሁለት ስለለቀቁ ነው። ሁለቱም መልቀቂያ ያስገቡት ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ሰኔ 30 ላይ ግምታችን ትክክል ነበር። ስለዚህ የ2017ን መዝገብ አንከፍትም፤ ልዩነቱ የ2018 በጀት ዓመት ነው፦

ዴቢት 2320 የቦነስ ዕዳ — 3,600
ክሬዲት 6130 የቦነስ ወጪ — 3,600

አሁን 2320 ዜሮ ነው። ትሪያል ባላንሱ ላይ አይታችሁ አረጋግጡልኝ።

ፈቃድ ሲወሰድ

ችግሩ ያለው እዚህ ነው፣ ምክንያቱም ፈቃድ እንደ ቦነስ የራሱ ቼክ የለውም። በወሩ ፔይሮል ውስጥ ተደብቆ ይከፈላል። ፔይሮሉ ደግሞ ሙሉውን ወደ ደመወዝ ወጪ ይወስዳል። ካልመለስነው ዕዳው ሳይነካ ይቀራል።

የመጋዘን ኃላፊው ሐምሌ ላይ ከ11ዱ 6 ቀን ወሰደ፦

ዴቢት 2310 የተጠራቀመ ፈቃድ ዕዳ — 6,660
ክሬዲት 6110 የደመወዝ ወጪ — 6,000
ክሬዲት 6120 የአሠሪ ጡረታ መዋጮ — 660

ሐምሌ ላይ ደመወዙ 28,600 ብር ገብቷል፤ ቀኑ 1,100 ብር ሆኗል ማለት ነው። ጭማሪው የተወሰነው ከሰኔ 30 በኋላ ስለሆነ የምናወርደው በያዝነው በ1,000 ብር ተመን ነው። የ6ቱ ቀን ልዩነት፣ ከጡረታው ጋር 666 ብር፣ የዚህ በጀት ዓመት ወጪ ሆኖ ይቆያል። ሌሎች 3 ሠራተኞችም ፈቃድ ወስደዋል፤ በዚሁ መንገድ 8,325 ብር ወርዷል።

ከለቀቁት አንዱ 9 ቀን ቀርቶት ነበር። በሥራ ላይ ላለ ሠራተኛ ፈቃድን በገንዘብ መለወጥ ሕጉ ይከለክላል፤ ለለቀቀ ግን ይከፈላል። በቀን 500 ብር ሂሳብ 4,500 ብር በስንብት ሂሳቡ ገብቶለታል። ጡረታ ስላላሰብንበት ተይዞ የነበረው 495 ብር ወደ 6120 ተመልሷል። ከ2310 የወረደው ጠቅላላ 4,995 ብር ነው። ሁለተኛዋ ቀሪ ፈቃድ አልነበራትም።

የ2310 የዛሬ ቀሪ እንግዲህ 142,524 ሲቀነስ 6,660፣ 8,325 እና 4,995፣ ማለትም 122,544 ብር ነው። ከሐምሌ ወዲህ የተገኘውን አዲስ ፈቃድ መስከረም 30 ላይ ከሩብ ዓመቱ መዝጊያ ጋር እንጨምራለን።

«ለምን ሐምሌ 1 ሁሉንም በአንዴ አንገለብጥም?» ብላችሁኛል። ያም ይሠራል። ግን የሐምሌ ወጪ በግማሽ ሚሊዮን ገደማ ይቀንስና ወሩ የሌለውን ትርፍ ያሳያል። የወር ሪፖርታችንን አይቶ የሚወስን ሰው አለ። ስለዚህ ዕዳው የሚወርደው ሲከፈል ወይም ፈቃዱ ሲወሰድ ብቻ ይሁን።

ፔይሮል ክፍል፣ ከነሐሴ ጀምሮ የፈቃድ መውሰጃ ቅጾቹን ከፔይሮሉ ጋር አያይዛችሁ ላኩልኝ። ቅጹ ከሌለ ፔይሮሉን አልፈርምም። የመጋዘን ኃላፊው የ2016 አራት ቀን በ2017 በወሰዳቸው 12 ቀናት ውስጥ እንዳለቀ በፋይሉ ይመዝገብ። ፈቃድ ከሁለት ዓመት በላይ ስለማይተላለፍ ሁልጊዜ የቆየውን አስቀድመን እናወርዳለን። ከ2016 የዞረ ፈቃድ ያላቸውን ሌሎች ሠራተኞች ዝርዝር እስከ ነሐሴ 27 አድርሱኝ፤ ክረምቱ ሳይወጣ እንዲያርፉ ከየክፍል ኃላፊዎቻቸው ጋር እነጋገራለሁ።