የፖርትፎሊዮ ሪፍሌክሽን፦ ስቴቶስኮፕ ጆሮዬ ላይ እያለ የተጠየቅኩት ጥያቄ

ሜዲካል ዋርድ፣ በተማሪነት 3ኛ ሳምንቴ። የታካሚው ማንነት እንዳይታወቅ እድሜያቸውንና አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ። እዚህ አባባ እያልኩ ነው ምጽፈው፣ ዋርድ ውስጥም ሁላችንም እንደዛ ነበር ምንጠራቸው።

አባባ ወደ 70 ይጠጋሉ፣ የሳንባ ካንሰራቸው ጉበትና አጥንት ውስጥ ገብቷል። እኔ ከማግኘቴ አንድ ቀን በፊት ሀኪሞቹ ከሳቸውም ከቤተሰቡም ጋር ተነጋግረው ከዚህ በኋላ ህክምናው ስቃይ ማስታገስ ላይ ብቻ እንዲሆን ተወስኗል፣ ልብ ቢቆም ሲፒአር እንደማይሰራም ቻርቱ ላይ ተጽፏል። ይሄን ሁሉ አንብቤ ነው የገባሁት፣ ስለዚህ አላወቅኩም ነበር ማለት አልችልም።

ማክሰኞ ማታ 2 ሰአት ላይ ቫይታል ሳይን እንድወስድ ተላክኩ። ልጃቸው ውሀ ልታመጣ ወጥታ ስለነበር እኔና እሳቸው ብቻ ነን። የፕረዠር መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠቀለልኩ፣ ክንዳቸው ከመቅጠኑ የተነሳ ጨርቁ ዞሮ ዞሮ ተረፈ። ስቴቶስኮፑን ጆሮዬ ላይ አድርጌ አየር እየሞላሁ እያለ «ልጄ፣ ልሞት ነው አይደል?» አሉኝ። ሰምቻለሁ፣ በደንብ ነው የሰማሁት። ግን ጆሮዬ የተደፈነ ስለሆነ እንዳልሰማ ሰው ሆኜ የመለኪያውን መርፌ ማየት ቀጠልኩ። አየሩ ወጥቶ እስኪያልቅ ጠበቁኝ። ስቴቶስኮፑን ሳወርድ በዛው ድምጽ፣ ምንም ሳይቆጡ፣ ደግመው ጠየቁኝ። «አይዞት አባባ፣ ፕረዠሮት ጥሩ ነው፣ ዶክተሩን ልጥራሎት» ብዬ ወጣሁ።

ፕረዠራቸው 84/50 ነበር፣ በጣም ዝቅ ያለ። ቻርቱ ላይ በራሴ እጅ የጻፍኩት እሱን ነው፣ ለሳቸው የነገርኳቸው ሌላ። ዶክተሩንም አልጠራሁም። እቃ ክፍል ገብቼ የጓንት ካርቶኖቹን ሚስተካከል ነገር ሳይኖራቸው ሳስተካክል ቆየሁ፣ 40 ደቂቃ ያህል ይሆናል፣ ከዛ ሰአቴ አለቀና ወደ ቤት ሄድኩ።

ረቡዕ ጠዋት ስመለስ ሲጠሯቸው አይሰሙም። ትንፋሻቸው እየጠለቀ እየጠለቀ ይሄድና መልሶ እየደከመ ጭራሽ ቆም ይላል፣ ከዛ እንደገና ይጀምራል። ይሄን ቼይን ስቶክስ ሚባለውን አተነፋፈስ ለፈተና አጥንቼው ነበር፣ ግን ያ ጸጥታ ሲመጣ ክፍል ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አብሮ ትንፋሹን እንደሚይዝ ማንም አልነገረኝም። ጉልበታቸው ላይ ቆዳው ሀምራዊ ዥንጉርጉር ሆኗል፣ ጣቶቻቸው ቀዝቅዘዋል፣ ጉሮሯቸው ውስጥ ደግሞ ውሀ እንደሚፈላ አይነት ድምጽ አለ። ልጃቸው «አባዬ እየታነቀ ነው እኮ፣ አንድ ነገር አድርጉ!» ስትል ሮጬ አክታ ሚመጠውን ሰክሽን ማሽን ላመጣ ነበር። ሲስተሯ እጄን ያዝ አድርጋ አስቆመችኝ። በጎናቸው አስተኛቻቸው፣ ራሳቸውን ትንሽ ቀና አደረገች፣ የታዘዘውን ምራቅና አክታ ሚቀንስ መድሀኒት፣ ሀዮሲን፣ ሰጠች፣ ከዛ ለልጅየዋ ቁጭ ብላ አስረዳቻት፦ ምራቅና አክታውን መዋጥም ማሳልም ስላቃታቸው አየር በሱ ውስጥ ሲያልፍ ነው ሚጮኸው፣ ለኛ ለምንሰማው ከባድ ነው፣ እሳቸው ግን በዚህ ደረጃ ብዙም ሚሰማቸው አይመስልም፣ ቱቦ ወደ ውስጥ መክተቱ ነው ይበልጥ ሚያስጨንቃቸው። ልጅየዋ ስለ ሞርፊኑም ጠየቀቻት፣ «እሱ አይደል ወይ ሚገድለው?» ብላ። እውነት ለመናገር እኔም ውስጤ እሱን ጥያቄ ይዤ ነበር። ለትንፋሽ ማጠሩ ሚሰጠው መጠን ትንሽ እንደሆነ፣ እየታየ እንደሚስተካከል፣ የሚገድላቸው በሽታው እንደሆነ ረጋ ብላ ነገረቻት። ከዛ ጋውዝ በውሀ አርጥባ ለልጅየዋ ሰጠቻት፣ ከንፈራቸውን እንድታረጥብላቸው። እጇ የሚሰራው ነገር ሲያገኝ ልጅየዋ ጩኸቷን አቆመች።

ከሰአት 10 ሰአት አካባቢ አንዱ ጸጥታ በዛው ቀረ። ሬዚደንቱ መጥቶ ለደቂቃዎች ልብና ትንፋሽ አዳመጠ፣ አይናቸውን ከመግለጡ በፊት ግን ጎንበስ ብሎ «አባባ፣ አይኖትን በመብራት ላየው ነው» አላቸው። ያኔ ነው ደረጃው ላይ ሄጄ ያለቀስኩት።

እስከዛ ድረስ ያስጨነቀኝ ሞቱ ይመስለኝ ነበር። ሀሙስ ከሲስተሯ ጋር ስናወራ ግን ነገሩ ተገለበጠብኝ። ማክሰኞ ሌሊት አባባ ያንኑ ጥያቄ እሷንም ጠይቀዋት ኖሯል። እሷ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ «ምን ሀሳብ መጥቶቦት ነው?» አለቻቸው። መንገድ ላይ ያለ ወንድ ልጅ አላቸው፣ ሀሙስ ነው ሚደርሰው። እሳቸው ማወቅ የፈለጉት እስከ ሀሙስ እቆያለሁ ወይ የሚለውን ነው። እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል፣ እሷ ብትሆን ግን ሀሙስን እንደማትጠብቅ ነገረቻቸው። ዱቲ ላይ ያለውን ሀኪም ጠራች፣ ልጁ ጋ ተደወለ፣ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ይዛላቸው አወሩ። በነጋታው ጠዋት መናገር አይችሉም ነበር። ማለትም ነገሩ በኔ ብቻ ቢቀር ኖሮ ያ ስልክ አይደወልም ነበር፣ ይሄን ሳስበው አሁንም ሆዴ ይጨነቃል።

የመሸሼ ምክንያት ለራሴ የነገርኩት «ይሄን መናገር የተማሪ ስራ አይደለም» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ስራዬ አይደለም። ግን ፕሮግኖሲስ፣ ማለትም በሽታው ወዴት እንደሚሄድ፣ በመናገርና በመዋሸት መሀል ብዙ ቦታ አለ፣ እኔ እዛ መሀል ላይ መቆም አቃተኝ። በፈረንጆቹ 2000 የወጣውን ስፓይክስ ሚባለውን መጥፎ ዜና የመንገሪያ ዘዴ ስድስቱንም ፊደል በቃሌ አውቃለሁ፣ ሁለተኛው እኮ ታካሚው ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያስብ መጠየቅ ነው፣ እሱን ለመጠየቅ ምንም ስልጣን አያስፈልገኝም ነበር። የዚያን ቀን ቻርት ላይ ህመም ከ10 3 ብዬ ጽፌያለሁ። ዘመናዊውን የህይወት መጨረሻ እንክብካቤ ያስጀመረችው ሀኪም ሲስሊ ሳንደርስ ቶታል ፔይን ስትል ከአካል ህመም ጋር የቤተሰቡን፣ የመንፈሱን፣ የፍርሀቱን ህመም አንድ ላይ ነው ያየችው፣ እኔ 3 ብዬ ከዘጋሁት ውጪ ያ ሁሉ ጭንቀት ነበር።

«አይዞት» የሚለው ቃል ላይም ብዙ አሰብኩ። ሲስተሯም ብላቸዋለች፣ ቁጭ ብላ። እኔ ስለው ወደ በሩ እየሄድኩ ነበር።

ከሱፐርቫይዘሬ ጋር 20 ደቂቃ አወራን። አልወቀሰኝም፣ ግን ቀላል ነው ብሎም አላለፈውም፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። የተስማማነው፦ የሚቀጥለው ሳምንት ሬዚደንቱ ከቤተሰብ ጋር ሲነጋገር አብሬ እገባለሁ፣ ዝም ብዬ አያለሁ። «ከባድ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፣ መልሱን ሀኪሙ ነው ሚያውቀው፣ ግን ምን አሳስቦት ነው?» የሚለውን ጮክ ብዬ ተለማመድኩት፣ መጀመሪያ ላይ ድምጼ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሀኪም እጠራለሁ ካልኩ ደግሞ ጠርቼ ተመልሼ እነግራቸዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሌላ አልጋ ላይ ቫይታል ስወስድ ሴትየዋ አየር እየሞላሁ እያለ አንድ ነገር አሉኝ። አየሩን ለቀቅኩት፣ ስቴቶስኮፑን አወረድኩና «ምን አሉኝ እማማ?» አልኳቸው። መስኮቱን እንድዘጋላቸው ነበር። ዘጋሁላቸውና ፕረዠሩን እንደገና ለካሁ።