የሥራ ሁኔታ ማሳወቂያ፦ የማና ወረዳ የቡና ማሳዎች መረጃ፣ እስከ ማክሰኞ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም. የደረሰበት

ለተከበሩ የሥራ ባልደረባዬ፣

ከነገ ረቡዕ ጀምሮ ለመስክ ሥራ ወደ ጌራ ስለምሄድና በምሠራባቸው ቀበሌዎች ስልክ በአስተማማኝ ስለማይገኝ፣ ሰኞ ኅዳር 22 ጅማ እስክመለስ ድረስ ይህን ሥራ የሚቀጥሉት እርስዎ ነዎት። ከሦስቱ ቀበሌዎች ከመዘገብናቸው 412 ማሳዎች 346ቱ ተጠናቀዋል፤ 66ቱ ይቀራሉ። የተጠናቀቀው ፋይል ለላኪው ድርጅት መድረስ ያለበት ዓርብ ኅዳር 19 ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት ነው። ተጠናቀዋል የምላቸው ማሳዎች የአባልነት ቁጥራቸው በወረቀት ፎርሙ ላይ ካለው ጋር የተመሳከረ፣ ቦታቸው በካርታ ላይ የታየ፣ መጋጠሚያቸውም ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ ያለው ነው፤ እነዚህን ዳግም መመርመር አያስፈልግዎትም።

የሚሠሩት በጋራ ፎልደሩ ውስጥ ባለው `mana_plots_v4.csv` ላይ ብቻ ይሁን። የማሳዎቹ ወሰን `mana_bounds.gpkg` በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። `v3` የተበላሸው በእኔ ስህተት ነው፤ ኬክሮስና ኬንትሮስ የተገላበጡባቸውን ረድፎች ሳስተካክል ትእዛዙን በሁሉም ረድፎች ላይ ስላስኬድኩት ትክክል የነበሩትም ተገለበጡ። ፋይሉን ያላጠፋሁት የለውጡ ታሪክ እንዲታይ ብዬ ነው፤ ከእሱ ምንም እንዳይቀዱ አደራ እላለሁ።

መገላበጡ የመጣው በአሮጌው ታብሌት ላይ ያለው ፎርም ኬንትሮስን አስቀድሞ ስለሚጠይቅ ነው። ማና ላይ ያለ ማሳ ሲገለበጥ ሰሜን ምሥራቅ አልጄሪያ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ ካርታውን አስፍቶ ለሚያይ ሰው ስህተቱ አይሰወርም። በ`v4` ውስጥ ያሉት ሁሉ ተስተካክለዋል። ሆኖም ከመስክ የሚመጡት አዳዲስ ነጥቦች በዚያው ታብሌት የሚወሰዱ በመሆናቸው፣ ባስገቡ ቁጥር በQGIS ይህን ማጣሪያ ያስኬዱ፦

```
"latitude" > 15 OR "longitude" < 33
```

ማጣሪያው የሚያወጣቸውን ረድፎች ብቻ ይገልብጡ፤ ምንም ካላወጣ አይንኩ።

ከቀሩት 66 ውስጥ 41ዱ ከወረቀት ፎርም ጋር መመሳከር ብቻ የቀራቸው ስለሆኑ ቀላል ናቸው፤ ፎርሞቹ በጠረጴዛዬ ላይ ባለው አረንጓዴ ማኅደር ውስጥ በቀበሌ ተለይተው ተቀምጠዋል። ፋይሉን በኤክሴል በቀጥታ ከፍተው አያስቀምጡ፤ ኤክሴል 00417 የሚለውን የአባልነት ቁጥር 417 ያደርገዋል፣ የመጋጠሚያዎቹንም የመጨረሻ ዜሮዎች ይቆርጣል፤ የላኪው መመርመሪያም ረድፉን አይቀበልም። በኤክሴል መሥራት ግድ ከሆነብዎት ዓምዶቹን እንደ ጽሑፍ ያስገቧቸው።

ጥንቃቄ የሚፈልጉት ወሰናቸው ከጎረቤት ማሳ ጋር የተደራረበባቸው 17 ማሳዎች ናቸው። ከአምስት ሜትር የማይበልጠውን መደራረብ የጂፒኤስ ልዩነት አድርጌ ስለወሰድኩት ከዚህ ቁጥር ውጭ ነው። በ17ቱ ላይ ግን ወሰኑን በስክሪን ላይ በግምት እንዳያንቀሳቅሱ አጥብቄ እጠይቃለሁ። በእኛ ዘንድ አንድ መስመር ሲሆን ለገበሬዎቹ ግን ከአባት የወረሱት መሬት ነው፤ እኛ በዘፈቀደ ያሰመርነው ወሰን ነገ በመካከላቸው ለሚነሣ ክርክር ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። የልማት ሠራተኛው ሁለቱን ወገኖች በቦታው አቁሞ እንዲለካ ዝርዝሩን ትናንት ሰጥቼዋለሁ፤ ሐሙስ ለገበያ ጅማ ሲመጣ ውጤቱን ይዞ ወደ ቢሮ ይገባል። እስከ ረቡዕ ኅዳር 17 ያልተፈታ ካለ፣ ያንን ማሳ ከዓርቡ ፋይል አውጥተው ምክንያቱን በ`remark` ዓምድ ይጻፉ። ማሳው እንዲቀር ኃላፊያችን ተስማምተዋልና ተጨማሪ ፈቃድ አያስፈልግዎትም።

የመጨረሻዎቹ 8 ማሳዎች መጋጠሚያ የላቸውም። ሁሉም ከአራት ሄክታር በታች በመሆናቸው የአውሮፓ ኅብረት የደን ጭፍጨፋ ደንብ ዙሪያውን መለካት አያስገድድም፣ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ከማሳው መካከል ቆሞ አንድ ጊዜ ቢመዘግብ ሥራው ያልቃል። ከስምንቱ አንዱ፣ የአባልነት ቁጥር 00283፣ ከጫካ ዳር የሚገኝ ነው፤ ደንቡ መሬቱ ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ከደን የተመነጠረ እንዳይሆን ስለሚጠይቅ፣ ነጥቡ ሲመጣ ከዚያ ቀን በፊት ከተነሣው የሳተላይት ምስል ጋር ያስተያዩት። ምስሉ በፎልደሩ ውስጥ `2020` በሚለው ሥር አለ። ጥርጣሬ ካደረብዎት ራስዎ አይወስኑ፤ ለኃላፊያችን ያሳዩአቸው።

የታብሌቱ ቻርጀርና የማኅደሩ ሳጥን ቁልፍ በጸሐፊዋ ዘንድ ናቸው።