ርካሹ ክር ስንት አስወጣን? ቫሪያንስ በአንድ የጋቢ ሥራ

ደሴ ላይ የማኔጅመንት አካውንቲንግ ተማሪዎችን ሳስጠና አንድ ነገር ሁሌ ያጋጥመኛል። ስታንዳርድ ኮስቲንግ ላይ ሲደርሱ ቫሪያንስን፣ ማለትም መውጣት በነበረበትና በወጣው ወጪ መካከል ያለውን ልዩነት፣ የሚያወጡትን ስምንት ፎርሙላዎች በአንድ ወረቀት ይጽፉና መሸምደድ ይጀምራሉ። ፈተና ላይ ግን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀነስ ይጠፋባቸዋል። አብሽሩ። ከስምንቱ አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቁጥሩን በትክክል አውጥቶ ምን እያለ እንደሆነ ሳይሰማ ወደሚቀጥለው ጥያቄ የሚያልፈው ተማሪ።

ስለዚህ አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ኮምቦልቻ ውስጥ ጋቢ የሚያሠራ አንድ አነስተኛ የሽመና ድርጅት አስቡ። ቁጥሮቹን ለማስተማር እንዲመቹ አድርጌ ያወጣኋቸው እኔ ነኝ። ድርጅቱ ለጥቅምት ወር 200 ጋቢ አቅዷል። የደሴ ብርድ በዚያ ሰሞን ስለሚጠና ገዢ አይጠፋም። ለአንድ ጋቢ 2 ኪሎ ክር ይበቃል ተብሏል፣ ኪሎው በ500 ብር። 6 የሥራ ሰዓት፣ ሰዓቱ በ60 ብር። ከክርና ከጉልበት ውጪ ያለው ወጪ፣ ኦቨርሄዱ፣ ሁለት ነው፤ ተለዋዋጩ በሰዓት 10 ብር። ቋሚው ኦቨርሄድ ደግሞ በወር 48,000 ብር ነው፤ በታቀደው 1,200 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 40 ብር ይሆናል።

ስታንዳርድ ማለት ይኸው ነው። ከሥራው በፊት የተቀመጠ «እንዲህ መሆን ነበረበት» የሚል ልክ። ልኩ ከየት መጣ የሚለውን ግን አትለፉት። ክር የማይበጠስበት፣ ሸማኔ የማይደክምበት ቀን ታስቦ የተቀመጠ ስታንዳርድ በየወሩ አንፌቨረብል ቫሪያንስ፣ ማለትም ከልኩ በላይ የወጣ ወጪ፣ ይወልዳል፣ ሠራተኛውም ከጊዜ በኋላ ቁብ አይሰጠውም። እኔ የምመርጠው በደህና ጥረት ሊደረስበት የሚችለውን ነው፤ ጥቂት ብክነትና ጥቂት እረፍት ያለበትን።

ወሩ አለቀ። የተሠራው 180 ጋቢ ነው። 400 ኪሎ ክር በ470 ብር ተገዛ፣ 390ው ሥራ ላይ ዋለ። ሸማኔዎቹ 1,170 ሰዓት ሠሩ፣ በሰዓት 62 ብር ተከፈላቸው። ተለዋዋጭ ኦቨርሄዱ 12,285 ብር፣ ቋሚው 49,500 ብር ሆነ።

እዚህ ላይ አብዛኛው ተማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። በዕቅዱ የክር ወጪ 200 ጋቢ ሲባዛ 1,000፣ ማለትም 200,000 ብር ነበር። ሥራ ላይ የዋለው ክር 390 ሲባዛ 470፣ 183,300 ብር ነው። ታዲያ 16,700 ብር አተረፍን? የለም። የተሠራው 200 ጋቢ ሳይሆን 180 ነው። 20 ጋቢ ያልሠራ ሰው ያን ያህል ክር ባይጨርስ ምን ይገርማል! መጀመሪያ በጀቱን በተሠራው ልክ ማስተካከል ግድ ነው፤ ፍሌክሲብል በጀት የሚባለው ይኼ ነው። ለ180 ጋቢ የሚፈቀደው የክር ወጪ 180,000 ብር ነው። እኛ 183,300 አወጣን። ስለዚህ 3,300 ብር አልፈናል። ቅድም ትርፍ የመሰለው አሁን ጉድለት ሆነ፣ የተቀየረው ደግሞ ያወዳደርንበት መነሻ ብቻ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይቺን ያዙ፦ የሚፈቀደው መጠን ሁልጊዜ የሚሰላው በተሠራው ምርት ነው፣ በታቀደው አይደለም።

አሁን ልዩነቱን እንሰንጥቀው። ወጪ የሚለወጠው ወይ ዋጋው ስለተለወጠ ወይ የተጠቀምንበት መጠን ስለተለወጠ ነው። ፎርሙላውም ሁለቱን ከመነጠል ሌላ ሥራ የለውም፦

```
Price variance = (AP - SP) x AQ
Usage variance = (AQ - SQ) x SP
```

AP የተከፈለው ዋጋ ነው፣ SP ስታንዳርዱ። AQ በእርግጥ የነበረው መጠን፣ SQ ለተሠራው ምርት የሚፈቀደው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ ከልኩ በላይ አውጥተናል፣ ስለዚህ አንፌቨረብል ነው። ኔጋቲቭ ከሆነ ፌቨረብል። ዋጋው ላይ በእርግጥ በነበረው መጠን፣ መጠኑ ላይ ግን በስታንዳርድ ዋጋ የምናባዛው ለምን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ክሩን የሚጠቀመው ሸማኔ ገበያውን አልወሰነም። ዋጋ ቢንርም ቢወርድም የእሱን አጠቃቀም በአንድ ዋጋ ካልመዘንነው የገዢው ሥራ በእሱ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

የክሩ ዋጋ ቫሪያንስ፦ 470 ሲቀነስ 500፣ ሲባዛ 400። 12,000 ብር ፌቨረብል። በ390 ያላባዛሁት ልክ በተገዛበት ቀን እንዲታወቅ ስለምፈልግ ነው። ክሩ መጋዘን ተቀምጦ ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ስለ ዋጋው ማውራት ለማንም አይጠቅምም። የአጠቃቀም ቫሪያንስ፦ የሚፈቀደው 360 ኪሎ ነበር፣ የዋለው 390። 30 ኪሎ በ500፣ 15,000 ብር አንፌቨረብል። ጠንቀቅ ያለ ተማሪ «12,000 እና 15,000 ሲቀናነሱ ቅድም ያልነው 3,300 አይመጣም» ይላል። ልክ ነው። 10 ኪሎው ገና መጋዘን ውስጥ ነው፣ የእሱ 300 ብር ቁጠባ በዋጋ ቫሪያንሱ ውስጥ ተቆጥሯል። 12,000ው ላይ 300 ቀንሱ፣ 11,700 ይሆናል፣ ሒሳቡም ይገጥማል።

ጉልበቱም በዚያው መንገድ ነው። የተመን ቫሪያንስ 2 ብር ሲባዛ 1,170፣ 2,340 ብር አንፌቨረብል። የቅልጥፍናው፦ ለ180 ጋቢ 1,080 ሰዓት ይፈቀዳል፣ 90 ሰዓት አለፈ፣ በ60 ሲባዛ 5,400 ብር አንፌቨረብል። ተለዋዋጭ ኦቨርሄዱ ሰዓትን ስለሚከተል ያው 90 ሰዓት በ10 ብር 900 ብር ይጨምራል፤ የስፔንዲንጉ ደግሞ 12,285 ሲቀነስ 1,170 ሰዓት በ10 ብር፣ 585 ብር ነው። ሁሉም አንፌቨረብል።

ብዙ የመልስ ወረቀት እዚህ ላይ «የግዢ ክፍሉ ጥሩ ሠርቷል፣ ሸማኔዎቹ ደካማ ናቸው» ብሎ ይዘጋል። ይኼን ሳነብ ከልቤ አዝናለሁ። ቁጥሮቹ ጎረቤታሞች ናቸው፣ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። እስቲ ወደ ሽመናው ቤት ወርዳችሁ ሽማግሌውን ሸማኔ ጠይቁ፦

«ጋሼ፣ በዚህ ወር ሥራው ምነው ዘገየ?»

«ልጄ፣ ክሩ ነዋ። ድሩ ላይ አይችልም። ጥቂት እንደሸመንኩ ይበጠሳል፣ ቁጭ ብዬ እቀጥላለሁ። የማይቀጠለውን እጥለዋለሁ። ለገዛው ልጅ ንገሩልኝ ብዬ ነበር።»

በቃ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ አለ። የተጣለው ክር 30 ኪሎ ሆነ። ለመቀጠል የጠፋው ጊዜ 90 ሰዓት ሆነ። በርካሹ ክር 12,000 ብር ቆጠብን፣ በእሱ ምክንያት 15,000 እና 5,400 እና 900፣ ጠቅላላ 21,300 ብር ወጣ። በጥንቱ የ500 ብር ክር ብንቆይ ይሻለን ነበር። ፌቨረብል የተባለው ቫሪያንስ ነው የወሩን ሥራ ያበላሸው። ስለዚህ ፌቨረብል ማለት ጥሩ ማለት አይደለም፤ ከስታንዳርዱ ያነሰ ወጣ ማለት ብቻ ነው። በርግጥ ሁሌ ክሩ ነው ጥፋተኛው ማለቴ አይደለም፣ ስታንዳርዱ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፣ አዲስ ሸማኔ ገብቶ ሊሆን ይችላል፣ ሽመናው ቤት ውስጥ መብራት እየጠፋ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ቁጥሩን ይዞ ሰው መጠየቅ የሚያስፈልገው።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሸማኔ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በሠራው ቁጥር ነው። ይኼ ድርጅት በጋቢ ቢከፍል ኖሮ 5,400 ብሩ የቅልጥፍና ቫሪያንስ ከሪፖርቱ ላይ ይጠፋ ነበር። 90ው ሰዓት ግን አይጠፋም፣ ሸማኔው በራሱ ኪስ ይሸከመዋል። ሪፖርት ላይ ያልታየ ኪሳራ የለም ብላችሁ እንዳታስቡ ብዬ ነው።

የቋሚ ኦቨርሄዱ ለየት ይላል። ስፔንዲንጉ ቀላል ነው፣ 49,500 ሲቀነስ 48,000፣ 1,500 ብር አንፌቨረብል። ሌላኛው የቮልዩም ቫሪያንስ ነው። አንድ ጋቢ 6 ሰዓት በ40 ብር፣ 240 ብር ይሸከማል፤ 180 ጋቢ የተሸከመው 180 ሲባዛ 240፣ 43,200 ብር ነው፣ ከ48,000ው ላይ 4,800 ብር ሳይሸከሙት ቀረ። ይኼ ብር ተጨማሪ ሆኖ ከካዝና አልወጣም። ኪራዩ 200 ቢሠራም 180 ቢሠራም ያው ነው። የሚነግረን ቤቱን በታቀደው ልክ እንዳልተጠቀምንበት ብቻ ነው። እዚህ ላይ የቅልጥፍና ቫሪያንስ ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ሸማኔው ቢፈጥንም ቢዘገይም ኪራዩ አይለወጥም።

መዝገብ ላይ ሲገባ ጥሬ ዕቃ በስታንዳርድ ይያዛል። ክሩ ሲገዛ ጥሬ ዕቃ በ200,000 ዴቢት፣ ተከፋይ ሒሳብ በ188,000 ክሬዲት፣ የዋጋ ቫሪያንስ በ12,000 ክሬዲት። ሥራ ላይ ሲውል በሂደት ላይ ያለ ሥራ በ180,000 ዴቢት፣ የአጠቃቀም ቫሪያንስ በ15,000 ዴቢት፣ ጥሬ ዕቃ በ195,000 ክሬዲት። አንፌቨረብል ሁሌ ዴቢት፣ ፌቨረብል ሁሌ ክሬዲት ነው። መጨረሻ ላይ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ወደ ተሸጠ ዕቃ ወጪ ይዘጋል፣ ትልቅ ከሆነ በቀሪ ዕቃዎቹና በተሸጠው መካከል ይከፋፈላል።

ለሥራ አስኪያጁ የሚሄደውን አስተያየት እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦

«በጥቅምት የተገዛው ክር በኪሎ 30 ብር ቢረክስም ድር ላይ እየተበጠሰ 30 ኪሎ ተጨማሪ ክርና 90 ተጨማሪ ሰዓት አስወጥቷል። ቁጠባው 12,000 ብር ነው፣ ያስከተለው ወጪ 21,300 ብር። መጋዘን የቀረው 10 ኪሎ ለድር ሳይሆን ለማግ እንዲውል፣ የሚቀጥለው ክር ከመገዛቱ በፊት አንድ ሸማኔ ናሙናውን እንዲሞክረው እጠይቃለሁ። የደመወዝ ተመኑ በ2 ብር ያለፈበት ምክንያት ለብቻው ይጣራል።»