ለጉንፋን የሚታዘዝ አንቲባዮቲክ፦ የማዘዣ ደንቡ ከተቀየረ በኋላ የታየው የደረጃና የዝንባሌ ለውጥ

ለጤና ጣቢያው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ የቀረበ ሪፖርት፣ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ

ደንቡ ሥራ ላይ የዋለው በጥር 2015 ነው። ከዚያ ወዲህ ፋርማሲው የሕመሙ ስም ያልተጻፈበትን የአንቲባዮቲክ ማዘዣ አያስተናግድም፤ ወደ አዘዘው ባለሙያ ይመልሰዋል። ጉንፋን ወይም ሌላ የላይኛው መተንፈሻ አካል ሕመም ከተጻፈ ደግሞ አንቲባዮቲኩ ያስፈለገበት ምክንያት በአንድ መስመር መስፈር አለበት።

ባጭሩ ያገኘነው ይህ ነው። ደንቡ እንደ ወጣ አንቲባዮቲክ የሚታዘዝላቸው የጉንፋን ታካሚዎች ድርሻ በአንድ ጊዜ በ11.4 መቶኛ ነጥብ ወረደ። ከዚያ በኋላ ግን ከበፊቱ በፈጠነ ፍጥነት መልሶ ጨመረ፣ በሁለት ዓመት ውስጥም የተገኘው ጥቅም አብዛኛው ጠፋ። የመጀመሪያውን ቁጥር ብቻ ይዞ «ደንቡ ሠርቷል» ማለትም ሆነ የመጨረሻውን ብቻ ይዞ «አልሠራም» ማለት ስህተት ነው።

መረጃው የተወሰደው ከተመላላሽ ታካሚዎች መዝገብና ከፋርማሲው የማዘዣ ቅጂዎች ነው። ከደንቡ በፊት 24 ወር (ከጥር 2013 እስከ ታኅሣሥ 2015)፣ ከደንቡ በኋላም 24 ወር (ከመጋቢት 2015 እስከ የካቲት 2017) አለን። ጥርና የካቲት 2015 የሽግግር ጊዜ ስለሆኑ ከስሌቱ ወጥተዋል፤ አዲሱ የማዘዣ ወረቀት ታትሞ ለሁሉም ክፍል የደረሰው በየካቲት መጨረሻ ነበር። የወር ቆጠራው ግን አልተቋረጠም፦ ታኅሣሥ 2015 24ኛ ወር ከሆነ መጋቢት 27ኛ ነው። ሁለቱን ወራት አውጥቶ መጋቢትን 25 ብሎ መቁጠር የቀደመውን ዝንባሌ ያሳጥራል፣ የደረጃ ለውጡንም ያዛባል።

የሪፖርት ወራችን ከ21 እስከ 20 ስለሚሄድ ጳጉሜን በመስከረም ሪፖርት ውስጥ ይካተታል። የመስከረም የታካሚ ብዛት ከሌላው ወር ከፍ የሚለው በከፊል በዚህ ነው። በቁጥር ሳይሆን በመቶኛ የሠራነውም ለዚህ ሲሆን በወር በአማካይ 410 ገደማ የጉንፋን ታካሚ አለ። እያንዳንዱ ወር በታካሚው ብዛት ልክ ክብደት ተሰጥቶታል።

የተጠቀምነው ሞዴል ይህ ነው፦

```r
library(lmtest)
library(sandwich)
m <- lm(pct ~ time + post + time_after +
        sin(2*pi*time/12) + cos(2*pi*time/12),
        data = d, weights = n)
coeftest(m, vcov = NeweyWest(m, lag = 3, prewhite = FALSE))
```

`time_after` በመጋቢት 2015 ዜሮ፣ በሚያዝያ 1 እያለ ይቀጥላል። ይህ ቀላል ቢመስልም የሪፖርቱን ትርጉም የሚወስነው እሱ ነው። በምትኩ `time*post` ተብሎ ቢጻፍ የ`post` ቁጥር በመጋቢት 2015 ያለውን ልዩነት ሳይሆን ቆጠራው ዜሮ በሚሆንበት፣ ደንቡ ገና ባልታሰበበት ጊዜ ያለውን ይነግረናል፤ እሱን «የደረጃ ለውጥ» ብሎ ማቅረብ ፍጹም የተሳሳተ ነው። ሳይንና ኮሳይኑ የክረምቱን የጉንፋን መብዛት ለመያዝ የገቡ ናቸው። የአንዱ ወር ስህተት ከቀጣዩ ጋር ስለሚዛመድ (0.28) የመተማመኛ ክልሉ በኒዊ ዌስት ዘዴ ተስተካክሏል፤ ያለዚህ ክልሉ ከሚገባው በላይ ጠባብ ይሆን ነበር።

ከደንቡ በፊት። በጥር 2013 ከመቶ የጉንፋን ታካሚ 58.0ው አንቲባዮቲክ ይታዘዝለት ነበር። ይህ ድርሻ በየወሩ በ0.20 መቶኛ ነጥብ ይጨምር ነበር (95% የመተማመኛ ክልል ከ0.03 እስከ 0.37)። በዚሁ ቢቀጥል ኖሮ በመጋቢት 2015 63.2 በመቶ ይደርስ ነበር።

የደረጃ ለውጥ። በመጋቢት 2015 መስመሩ 51.8 በመቶ ላይ ተገኘ፤ ከሚጠበቀው በ11.4 መቶኛ ነጥብ ያነሰ ነው (ከ15.6 እስከ 7.2 መቀነስ)።

የዝንባሌ ለውጥ። የወሩ ጭማሪ ከቀድሞው 0.20 ላይ 0.31 ተጨምሮበት (ከ0.06 እስከ 0.56) 0.51 መቶኛ ነጥብ ሆነ። እዚህ ላይ ቁጥሩን አጥርቶ ማንበብ ያስፈልጋል፦ 0.31 የአዲሱ መስመር ዝንባሌ አይደለም፣ አዲሱ ከአሮጌው የሚበልጥበት ነው።

ስለዚህ የደንቡ ውጤት በየትኛው ወር እንደተጠየቀ ይለያያል። መጋቢት 2015ን አንድ ብለን ስንቆጥር በ12ኛው ወር ከሚጠበቀው በ8.0 መቶኛ ነጥብ ያነሰ ነበር (ከ11.5 እስከ 4.5)። በ24ኛው ወር ድርሻው 63.5 በመቶ ላይ ነው፣ ያለ ደንቡ የሚጠበቀው 67.8 ነበር፤ ልዩነቱ 4.3 ብቻ ሲሆን ክልሉ ከ9.6 መቀነስ እስከ 1.0 መጨመር ስለሚደርስ ጥቅሙ አሁንም አለ ብለን በእርግጠኝነት መናገር አንችልም። የሁለቱን ዘመን አማካይ ብቻ ብናነጻጽር ከ60.3 ወደ 57.7 ወርዷል እንል ነበር፤ ይህ 2.6 ነጥብ የመጀመሪያውን ትልቅ ቅናሽም የኋላውን መመለስም ይደብቃል።

በጣም ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው። ደንቡ የሚጠይቀው የሕመሙን ስም ስለሆነ ጉንፋን የነበረው «የሳንባ ምች» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ከመተንፈሻ አካል ታካሚዎች መካከል የሳንባ ምች ድርሻ ከደንቡ በፊት 9 በመቶ ገደማ ላይ የረጋ ነበር። በመጋቢት 2015 ደረጃው አልተለወጠም (0.3 ጭማሪ፣ ከ1.1 መቀነስ እስከ 1.7 መጨመር)፣ ዝንባሌው ግን በየወሩ በ0.22 ጨመረ (ከ0.10 እስከ 0.34)። ጉንፋንና የሳንባ ምችን አንድ ላይ አድርገን ስንሠራ የደረጃ ቅናሹ 9.8፣ በ24ኛው ወር የቀረው ልዩነት 2.0 ይሆናል (ከ6.8 መቀነስ እስከ 2.8 መጨመር)። ከመጨረሻው ስድስት ወር ካወጣናቸው 120 የሕፃናት የሳንባ ምች ካርዶች የትንፋሽ ቆጠራ የተጻፈባቸው 43 ብቻ ናቸው። ምርመራው በትክክል ተሠርቶ ሳይጻፍ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከካርዱ ግን ይህን መለየት አይቻልም።

በዚሁ ጊዜ የተከሰተ ሌላ ነገር ውጤቱን ያብራራው እንደሆነ አይተናል። ደንቡ የማይነካው፣ ከመተንፈሻ አካል ሕመም ውጪ ለመጡ ታካሚዎች የሚታዘዝ መርፌ በመጋቢት 2015 የደረጃ ለውጥ አላሳየም (0.8 ቅናሽ፣ ከ4.9 መቀነስ እስከ 3.3 መጨመር)፤ ስለዚህ አጠቃላይ የአሠራር ለውጥ ነው ማለት ያስቸግራል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን የተደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው፣ በእኛ አቆጣጠር በ18ኛው ወር። የመድኃኒት ዋጋ መጨመር ማዘዣን ቢቀንስ እንጂ አያበዛም። ያም ሆኖ የመጨረሻዎቹን ሰባት ወራት አውጥተን ስንደግመው የደረጃ ቅናሹ 11.1፣ የዝንባሌ ጭማሪው 0.29 ሆነ፤ ታሪኩ አልተቀየረም።

ኮሚቴው የሚወስንበት ነጥብ ይህ ነው፦ የሳንባ ምች ተብሎ በተጻፈ የሕፃን ማዘዣ ላይ በደቂቃ የተቆጠረው ትንፋሽ ይጻፍ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ሕፃን 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ12 እስከ 59 ወር ላለ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ቁጥሩ ከሌለ ፋርማሲው እንደ ሌላው ሁሉ ይመልሰው። ለውጡ የሚጀምርበት ቀን አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ቀኑን መረጃውን ካዩ በኋላ መምረጥ የሌለ ቅናሽ ሊያሳይ ይችላልና። ሁለቱ ሕመሞች ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረው ይለኩ።