ስለ ወንድምዎ የውክልና ሰነድ ትርጉም

ጅማ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወይዘሮ አስቴር፤

እንደምን ሰነበቱ? ወንድምዎ ከአሜሪካ የላኩልዎትን የውክልና ሰነድ ወደ አማርኛ ተርጉሜ ጨርሻለሁ። አራት ገጽ ወጥቶታል፤ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ይዘውት ወደ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ግን ይህችን ማስታወሻ ረጋ ብለው ያንብቡልኝ። አንዳንዱን ቃል ለምን እንደዚያ እንደጻፍኩት ካልነገርኩዎት፣ መስኮት ላይ ሲጠየቁ መልስ ያጣሉ።

ከባዱን ላስቀድም። ባለፈው ሳምንት በስልክ «ልጄ፣ መሸጥ መለወጥ የሚለውን አስገባልኝ» ብለውኝ ነበር። አላስገባሁትም። ቅር እንደሚልዎት አውቃለሁ። እዚህ ጅማ ሄርማታ ላለው የወንድምዎ ቤት ገዢ ተገኝቶ እየጠበቀ እንደሆነም ነግረውኛል። ነገር ግን ወንድምዎ በፈረሙበት ወረቀት ላይ መሸጥ የሚል ቃል የለም። ሁለተኛውን አንቀጽ ደጋግሜ አየሁት። የሚለው «ቤቱን እንድታስተዳድር፣ እንድታከራይ፣ ቤቱን በሚመለከትም ሌሎች ጉዳዮችን እንድታከናውን» ነው። እኔም ያንኑ ጻፍኩ።

«ሌሎች ጉዳዮች ከተባለ ሽያጭም አለበት» ይሉኝ ይሆናል። እንግሊዝኛው በእርግጥ ልቅ ነው፤ ብዙ ነገር ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ በአማርኛም ልቅ አድርጌ ተውኩት። እኔ ካጠበብኩት የወንድምዎን ቃል ቀነስኩ፣ ካሰፋሁት ደግሞ ያልሰጡትን ሥልጣን ሰጠሁ ማለት ነው። ሁለቱም የእኔ ሥራ አይደሉም።

ደግሞ በእኛ አገር ጉዳዩ ከቃል ምርጫ ያልፋል። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2204 በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል ይላል። ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ንብረት መጠበቅ የመሳሰለውን ማለት ነው። ቁጥር 2205 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ስለዚህ እኔ ቃሉን ባስገባው እንኳ፣ አንድ ሠራተኛ ዋናውን እንግሊዝኛ ከትርጉሙ ጋር ካስተያየ ነገሩ ይበላሻል። ውድቅ የሚሆነው አንድ መስመር ብቻ አይሆንም፤ ሰነዱ በሙሉ ይጠረጠራል። ከዚያ በኋላ ኪራዩን መሰብሰብም ያዳግትዎታል።

ርዕሱም ላይ የሚያሳስት ነገር አለ። «ጠቅላላ ውክልና» ብዬዋለሁ፤ እንግሊዝኛው የሚለው እሱን ነውና። ብዙ ሰው ጠቅላላ ሲባል ሁሉን የሚያሠራ፣ ከልዩ ውክልና የሚበልጥ ይመስለዋል። አሁን እንዳነበቡት በሕጋችን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ርዕሱን አይተው እንዳይዘናጉብኝ ነው ይህን ያህል የማነሳው።

መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም። ወንድምዎ አጠር ያለ ልዩ ውክልና ይላኩ። በውስጡ ይህን የመሰለ ቃል ይኑር፦ «በጅማ ከተማ የሚገኘውን ቤቴን እንድትሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንድትፈርም፣ ገንዘቡን እንድትቀበል፣ ስመ ሀብቱንም ለገዢው እንድታዛውር እህቴን ወክያለሁ።» የቤት ቁጥሩንና የካርታውን ቁጥር አይርሱ። ይህን ደግሞ እዚያው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሄደው በአማርኛ ተጽፎ ሊፈርሙት ይችላሉ። ያኔ የእኔም ትርጉም አያስፈልግዎትም፤ ወጪው ይቀልልዎታል። ከመላኩ በፊት አንድ የሕግ ባለሙያ ቃሉን ቢያየው ደስ ይለኛል። እኔ ተርጓሚ እንጂ ጠበቃ አይደለሁም።

ጠበቃ ካልኩ አይቀር፣ በትርጉሙ ውስጥ ጠበቃ የሚል ቃል አንድም ቦታ አያገኙም። እንግሊዝኛው እርስዎን «አተርኒ» እያለ ነው የሚጠራው። መዝገበ ቃላት ከከፈቱ ጠበቃ ይላል። በውክልና ወረቀት ላይ ግን ትርጉሙ ተወካይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ሌላ ሰው የተረጎመላቸውን ወረቀት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። «ጠበቃዬ አድርጌ ሾሜያታለሁ» ይላል። የሄዱበት ቢሮ የጥብቅና ፈቃድ አምጪ ብሏቸው፣ ለዚያች አንዲት ቃል ሦስት ጊዜ ተመላልሰዋል። እንባ እያነቃቸው ሲነግሩኝ የሰማሁት አይረሳኝም። ስለዚህ ወንድምዎ «ወካይ»፣ እርስዎ «ተወካይ» ናችሁ፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ «እንደራሴ» የሚል ቃል አለው። ያማረ ቃል ነው፤ ዛሬ ሰው ሲሰማው ግን ምክር ቤት ነው የሚታየው። ስለዚህ ተውኩት።

አምስተኛው አንቀጽ ላይ አማርኛ ራሱ አስቸገረኝ። እርስዎ ካልቻሉ በእርስዎ ቦታ የሚተካውን ሰው ወንድምዎ «ከዝን» ብለው ጠርተውታል። እንግሊዝኛ ለአጎት ልጅም ለአክስት ልጅም ያው አንድ ቃል ነው ያለው። እኛ ዘንድ ሳይለዩ መጥራት አይቻልም። «ዘመዴ» ብለው ይላላል፤ ዘመድማ ስንት ዓይነት አለ። ደውዬ ስጠይቅዎት «የእናታችን እህት ልጅ ነው» ስላሉኝ «የአክስቴ ልጅ» ብዬ ጽፌያለሁ። ይህ ከእርስዎ የተገኘ እንጂ በዋናው ላይ የሌለ መሆኑን ከገጹ ግርጌ አስፍሬያለሁ። መሸጥን አላስገባም ብዬ ይህን ማስገባቴ እንዳይገርምዎት። እዚህ ቋንቋው ራሱ ምረጥ ብሎ አስገደደኝ፤ የሰውየው ሙሉ ስምና የመታወቂያ ቁጥርም አብሮ ስላለ ማንነቱ አይቀየርም። እዚያ ግን የሚቀየረው ሥልጣን ነው።

ንብረቱ የተገለጸበት ቦታ ላይ «ኢምፕሩቭመንትስ» የሚል አለ። ቃል በቃል ማሻሻያዎች ማለት ነው። እንደዚያ ብጽፈው ቤቱ እድሳት የተደረገለት ይመስላል። በሕግ ወረቀት ላይ ግን መሬቱ ላይ የተሠራ ነገር ሁሉ ማለት ነው፤ ቤቱ፣ ማድ ቤቱ፣ አጥሩ፣ የውኃ ጉድጓዱ። «በመሬቱ ላይ የተሠሩ ግንባታዎች» ብዬዋለሁ። ከዚያው ጋር «መሬቴን» ብለዋል ወንድምዎ። እኔም እንዳለ ተውኩት። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። በአዲሱ ውክልና ላይ «ቤቴንና የይዞታ መብቴን» ቢሉ ይሻላል።

ስፋቱን በሜትር ሳይሆን በፊት ነው የጻፉት፤ 2,150 ስኩዌር ፊት። ቁጥሩን እንዳለ አስቀምጬ በቅንፍ 199.7 ካሬ ሜትር ብያለሁ። ካርታው ላይ 200 ካሬ መሆኑን ነግረውኛል፤ ቢሆንም ወደ 200 አላጠጋጋሁትም። ከጠየቁዎት ልዩነቱ የመጣው ከስሌት መሆኑን ይንገሯቸው።

አሁን ወደ ቀኑ እንምጣ፤ እዚህ ላይ አደራ። የፊርማው ቀን በዋናው 03/04/2025 ይላል። እኛ ቀን አስቀድመን ስለምናነብ ኤፕሪል 3 ይመስለናል። አሜሪካኖች ግን ወሩን ነው የሚያስቀድሙት። ማኅተሙ ላይ ወሩ በፊደል ስለተጻፈ ጥርጥር የለውም፤ ማርች 4 ነው። በእኛ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። በሌላኛው አነባበብ መጋቢት 25 ይሆን ነበር። የአንድ ወር ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ምክንያቱም ሰባተኛው አንቀጽ ውክልናው ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ብቻ ይጸናል ይላል። የኪራይ ውል ሲያድሱ ይህን ልብ ይበሉ። በትርጉሙ ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

ስድስተኛው አንቀጽ ወንድምዎ ቢታመሙና ራሳቸውን ችለው መወሰን ቢያቅታቸው ውክልናው እንዲቀጥል ይፈቅዳል። እንግሊዝኛው ላይ ያለውን ቃል ብዙ ሰው «አካል ጉዳት» ብሎ ይተረጉመዋል። እዚህ ግን ነገሩ ስለ አካል አይደለም። «ጉዳዬን ራሴ ለመምራት የሚያስፈልገውን ችሎታ ባጣ ጊዜም» ብዬ ጽፌዋለሁ። ችሎታ የሚለውን የመረጥኩት ሕጋችን የሚጠቀምበት ቃል ስለሆነ ነው፤ ሙያ ማለት አይደለም። ሲያነቡት ደንግጠው እንዳይደውሉላቸው። እዚያ አገር የተለመደ አንቀጽ ነው፤ ታመዋል ማለት አይደለም።

ስሞቹን በካርታው ላይ እንዳሉ አድርጌ ነው የጻፍኩት። በእንግሊዝኛ ፊደል ኃይሉም ሃይሉም አንድ ናቸው፤ መዝገብ ቤት ግን አንድ አይደሉም። ያሳዩኝ የካርታ ቅጂ «ኃይሉ» ስለሚል እሱን ተከተልኩ። አሜሪካ የአያትን ስም ስላስቀሩት በትርጉሙም የለም፤ ከየትም አላመጣሁትም። ሠራተኛው የአያት ስም ቢጠይቅ የቀድሞ መታወቂያቸውን ቅጂ ያሳዩ።

የማኅተሙ ጽሑፍ ላይ ያለውን «ኖተሪ ፐብሊክ» በድምፁ ጻፍኩት። «ውል አዋዋይ» ማለት ይቻል ነበር። እዚያ ግን ይህ ሰው የሚያረጋግጠው የፈራሚውን ማንነትና ፊርማውን ነው። የሰነዱን ይዘት መርምሮ አጽድቋል የሚል ስሜት እንዳይሰጥ ብዬ ነው። የኤምባሲውን ማኅተምም ተርጉሜ ዋናው ባለበት ቦታ ላይ አስቀምጫለሁ።

አንድ የቀረ ነገር አለ። ይህን አማርኛ አዲስ አበባ ላሉ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችና ለባንኩ ያቀርቡታል። እዚሁ ጅማ ያሉ ቢሮዎች ግን የሥራ ቋንቋቸው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በዚያ የተዘጋጀ ሊጠይቁዎት ይችላሉ። የሚያሠሩ ከሆነ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው እንዲነሳ ይንገሩት። ከእኔ አማርኛ ላይ አይተርጉም። እኔ ከላይ የነገርኩዎት ምርጫ ሁሉ እሱ ዘንድ ላይኖር ይችላል፤ የራሱን ምርጫ ከዋናው ላይ ያድርግ።

በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሜ ማኅተም አድርጌያለሁ። ገጾቹን አይነጣጥሏቸው፤ ስቴፕለሩ ከተነቀለ አንቀበልም የሚሉ አሉ። ሐሙስ ከሰዓት ቢሮ ስለምገኝ ዋናውን ይዘው ብቅ ይበሉና ጎን ለጎን አድርገን አብረን እናንብበው። ወንድምዎ ከፈለጉ በዚያው ሰዓት ደውለን አዲሱ ውክልና ምን ምን እንደሚጨምር እነግራቸዋለሁ። እዚያ ጠዋት ስለሚሆን ይመቻቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
ዳዊት
ተርጓሚ፣ ጅማ